ደሴ ያለው ይደውላል፣ መካ ያለችው ትከፍላለች፦ የሮሚንግ ሂሳብ እንዴት ይሰላል? የቱ አማራጭ ያዋጣል?

አክስቴ ባለፈው ዓመት ለዑምራ ስትሄድ ሲሟ ላይ 3,000 ብር ሞልተንላት ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጂዳ። በገባች በሁለተኛው ቀን ማታ በሰው ስልክ ደወለችልን። «ካርዱ አልቋል። እኔ ግን ወላሂ አንድም ሰው ጋ አልደወልኩም» አለች።

እውነቷን ነበር። አልደወለችም። የተደወለላት ግን ብዙ ነው። መሄዷን የሰማ ዘመድ ሁሉ፣ ከሐይቅም ከኩታበርም ከወረኢሉም፣ «ዱዓ አድርጊልን» ሊላት ደውሏል። እሷም አክብራ አንስታለች። እያንዳንዱን ጥሪ የከፈለችው እሷ ናት።

እኔ ደሴ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ፣ ሲም እሸጣለሁ። ወደ ዑምራ፣ ወደ ሐጅ ወይም ወደ ዱባይ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት እኔ ጋ ጎራ ይላል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «የአገር ቤቱን ሲም ይዤ ልሂድ ወይስ እዚያ ልግዛ?» መልሱ ሂሳቡ እንዴት እንደሚሰላ ካወቁ በኋላ ቀላል ነው። ስለዚህ ከሂሳቡ ልጀምር።

ገንዘቡ የሚሄደው የት ነው?

አክስቴ ጂዳ ኤርፖርት ላይ ስልኳን ስትከፍት፣ ሲሟ ውስጥ ያለው መለያ ቁጥር በ636 ይጀምራል። ይህ የኢትዮጵያ ኮድ ነው። የሳዑዲው ኔትወርክ ኮዱን ያያል፣ የእንግዳ ሲም መሆኑን ያውቃል፣ ከዚያ አገር ቤት ያለውን ኩባንያ ይጠይቃል፦ ይህች ደንበኛ ያንተ ናት? ላገልግላት? እሺ ከተባለ ስልኳ ላይ የሳዑዲው ኔትወርክ ስም ይመጣል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥሪ ሁለት ባለቤት አለው። የሳዑዲው ኩባንያ በራሱ አንቴና ስላገለገላት የአገር ቤቱን ኩባንያ ያስከፍላል። ዋጋውን ቀድመው ተዋውለውበታል፣ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሬ ነው። የአገር ቤቱ ኩባንያ ደግሞ የራሱን ትርፍና ግብር ጨምሮ ከእሷ ሂሳብ ላይ ይቆርጣል። ሮሚንግ፣ ማለትም የአገር ቤቱን ሲም በውጭ አገር ኔትወርክ መጠቀም፣ የሚወደደው በርቀቱ ብቻ አይደለም። መሀል ላይ አንድ ተጨማሪ ሻጭ ስላለ ነው።

አራት ነገሮች ለየብቻ ዋጋ አላቸው። እዚያው ሳዑዲ ውስጥ መደወል፣ ወደ አገር ቤት መደወል፣ የተደወለልንን ማንሳት፣ ዳታ መጠቀም። አጭር መልዕክት መላክም ያስከፍላል፤ መቀበል ግን በአብዛኛው ነጻ ነው። ይህን የመጨረሻውን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ስሌቱ በግልጽ እንዲታይ ክብ ቁጥር ልውሰድ። የማንም ኩባንያ ታሪፍ አይደለም፣ ለምሳሌ ብቻ ነው። የተደወለልንን ማንሳት በደቂቃ 40 ብር፣ ወደ አገር ቤት መደወል በደቂቃ 100 ብር፣ ዳታ በሜጋባይት 25 ብር ይሁን። የእናንተን ትክክለኛ ዋጋ ከኩባንያችሁ ጠይቃችሁ በእነዚህ ቦታ ተኩት። ስትጠይቁ «ሳዑዲ ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ። አራቱንም ለየብቻ አስነግሩ፣ ጻፉት።

ሰው ሲደውልልን ለምን እንከፍላለን?

ብዙ ሰው የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። «ደዋዩ እሱ፣ ከፋዩ እኔ?» ይላል።

ከኩታበር የሚደውለው ዘመድ የሚያውቀው የ09 ቁጥር ነው። አክስቴ መካ ትሁን ሰኞ ገበያ ትሁን ስልኩ አያውቅም። ስለዚህ የሚከፍለው የተለመደውን የአገር ውስጥ ዋጋ ነው። ጥሪው መጀመሪያ የኢትዮጵያው ኩባንያ ጋ ይደርሳል። ኩባንያው አክስቴ የት እንዳለች ይፈልግና ጥሪውን ወደ ሳዑዲ ያሻግረዋል። ከኢትዮጵያ እስከ ሳዑዲ ያለውን መንገድ የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል። ከአገር የወጣችው እሷ ስለሆነች እሷ ትከፍላለች።

አሁን አንድ ቀኗን እንቁጠር። አራት ጥሪ አነሳች። አንዱ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ፣ አንዱ 20 ሰከንድ፣ አንዱ 5 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ፣ አንዱ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ሲደመር 9 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ያወራችው። ሮሚንግ በሰከንድ ሳይሆን በሙሉ ደቂቃ የሚቆጠር ከሆነ ግን እያንዳንዱ ጥሪ ለብቻው ወደ ላይ ይሞላል፦ 3፣ 1፣ 6 እና 2። ድምሩ 12 ደቂቃ። በ40 ብር ሲባዛ 480 ብር። በሰከንድ ቢቆጠር ኖሮ 370 ብር ነበር። 110 ብሩ ያልተነገረ ወሬ ዋጋ ነው። አጫጭር ጥሪ በበዛ ቁጥር ይህ ልዩነት ይሰፋል፤ «ደረስሽ? በቃ አብሽሪ» ተብሎ የተዘጋው የ20 ሰከንድ ጥሪ እንደ ሙሉ ደቂቃ ሄዷል።

ያልተነሳው ጥሪ

የአክስቴን 3,000 ብር የጨረሰው ዋናው ነገር ግን ይህ አልነበረም። ስትመለስ የጥሪ ዝርዝሯን አስወጥተን ቁጭ ብለን አየነው። ልጇም አለች፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። አንድ መስመር ላይ ሁላችንም ቆምን። ጧት፣ 7 ደቂቃ፣ ገቢ ጥሪ። ከሥሩ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው 7 ደቂቃ፣ ወደ ኢትዮጵያ ወጪ ጥሪ።

አክስቴ በዚያን ሰዓት ጠዋፍ ላይ ነበረች። ስልኳ ቦርሳ ውስጥ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። አክስቴ ስልኳ ጠርቶ ካልተነሳ ወደ ልጇ ስልክ እንዲዞር ድሮ ዳይቨርት አስደርጋ ነበር። ደሴ ላይ ጥሩ ነገር ነው። መካ ላይ ግን ጥሪው ከደሴ ተነስቶ ሳዑዲ ሄደ፣ ቦርሳ ውስጥ ጠራ፣ አልተነሳም። ከዚያ የሳዑዲው ኔትወርክ ዳይቨርቱን አይቶ ጥሪውን ወደ ደሴ መለሰው። ልጅቷ አነሳች። «እማ ሐረም ናት» ብላ ከዘመዷ ጋር 7 ደቂቃ አወራች። ሁለቱም ደሴ ውስጥ ናቸው። ድምፃቸው ግን ቀይ ባሕርን ሁለት ጊዜ እየተሻገረ ነበር።

በምሳሌ ታሪፋችን ሄዶ መድረሻው 7 ጊዜ 40፣ 280 ብር ነው። መመለሻው 7 ጊዜ 100፣ 700 ብር። 980 ብር፣ ስልኩን ሳትነካ። ልጅቷ ይህን ስታይ ሲኒውን አስቀምጣ ዝም አለች። የማንም ጥፋት አልነበረም። ማንም አልነገራቸውም ነበር።

ስለዚህ ከአገር ከመውጣታችሁ በፊት ዳይቨርት መኖሩን እዩ። ስልኩ ጠርቶ ሳይነሳ ሲቀር ወዴት እንደሚዞር የሚያሳየው የመጀመሪያው ኮድ ነው። ሁለተኛው መስመሩ ሲያዝ፣ ሦስተኛው ስልኩ ኔትወርክ ሲያጣ ያለውን ያሳያል። የመጨረሻው ሁሉንም ያጠፋል።

```
*#61#
*#67#
*#62#
##002#
```

ይህን አገር ቤት እያላችሁ ጨርሱት። እዚያ ሆናችሁ ልትሞክሩት ብትችሉም ኮዱ አንዳንዴ አይሠራም። አንድ ልዩነትም እወቁ። ስልኩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ከቆየና ኔትወርኩም መጥፋቱን ካወቀ፣ ጥሪው ከአገር ሳይወጣ እዚሁ ይዞራል። አደጋው ያለው ስልኩ በርቶ፣ ጠርቶ፣ ሳይነሳ ሲቀር ነው።

ዳታው

ዳታ በዝምታ የሚበላ ነው። ስልካችሁን ባትነኩትም ዋትስአፕ ፎቶ ያወርዳል፣ ፕሌይ ስቶር አፕ ያዘምናል፣ የካሜራ ፎቶ ወደ ጎግል ይጫናል። የሚቆጠረው የወረደው ብቻ አይደለም፣ የተላከውም ነው። እንደ ጥሪው ሁሉ ዳታም ወደ ላይ ይሞላል። የክፍያው መለኪያ አንድ ሜጋባይት ከሆነ፣ ትንሽዬ የጽሑፍ መልዕክት ለመቀበል ስልኩ ግንኙነት ከፍቶ ሲዘጋ ሙሉ ሜጋባይት ሊቆጠር ይችላል። ስልኩ ላይ ያለው የዳታ ቆጣሪና የኩባንያው ሂሳብ የማይገጥሙት በዚህ ምክንያት ነው። የሚጸናው የኩባንያው ነው።

በዋትስአፕ ድምፅ ማውራት በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል። ቪዲዮ ግን በደቂቃ ብዙ ሜጋባይት ነው፣ እንደ ጥራቱ ይለያያል። 5 ብንለው የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 50 ሜጋባይት ነው። በምሳሌ ዋጋችን 1,250 ብር። ሐረሙን ለልጅ ልጅ ለማሳየት ነው ይህ ሁሉ። በዋይፋይ ቢሆን በነጻ ነበር።

እንግዲህ የቱ ይሻላል?

አራት መንገድ አለ። ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ መልስ የለም። የእኔን አስተያየት ግን አልደብቅም።

የመጀመሪያው ያለ ጥቅል የአገር ቤቱን ሲም እንዳለ መጠቀም ነው። የአክስቴን አንድ ቀን አስታውሱ፦ 480 ብር ለገቢ ጥሪ፣ ወደ አገር ቤት 3 ደቂቃ ብትደውል 300፣ 15 ሜጋባይት ዳታ 375። በቀን 1,155 ብር። በ12 ቀን 13,860። ይህ የሚያዋጣው አንድም ሁለት ቀን ለሚቆይ፣ አንድም ስልኩን ለአስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ነው። ሌላው ሁሉ ይቅርበት።

ሁለተኛው የሮሚንግ ጥቅል ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ከአገር ቤቱ ኩባንያ ትገዛላችሁ፣ የተወሰነ ቀን፣ የተወሰነ ዳታና ደቂቃ ይሰጣችኋል። ለአንድ ነገር በጣም ደስ ይላል፦ በብር ይከፈላል፣ ወረፋም የለም፣ ቁጥሩም ያው ነው። ለምሳሌ የ7 ቀን ጥቅል 2,500 ብር ቢሆን ለ12 ቀን ሁለት መግዛት ያስፈልጋል፣ 5,000 ብር። ከ13,860 ጋር ሲተያይ ግማሽም አይሞላም።

ነገር ግን ጥቅሉ ገቢ ጥሪን ያካትታል? ይህን ሳይጠይቁ የሚገዙ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። ካላካተተ የአክስቴ የ12 ቀን ገቢ ጥሪ፣ በቀን 480 እያለ፣ 5,760 ብር ከላይ ይጨመራል። 10,760 ደረሰ ማለት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፦ ጥቅሉ ሲያልቅ ዳታው ይቆማል ወይስ በውዱ ዋጋ ይቀጥላል? የሚቀጥል ከሆነ ሂሳባችሁ ላይ የቀረው ካርድ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። ሦስተኛው፦ በየትኛው የሳዑዲ ኔትወርክ ላይ ነው የሚሠራው? ሳዑዲ ውስጥ ኤስቲሲ፣ ሞባይሊና ዘይን አሉ። ጥቅሉ ለአንዱ ብቻ ከሆነና ስልኩ በራሱ ሌላውን ከያዘ፣ ጥቅል ገዝታችሁም በመደበኛው ታሪፍ ትቆጠራላችሁ። ስልኩ አናት ላይ የሚታየውን የኔትወርክ ስም ማየት ይበቃል። ካልገጠመ ከሴቲንግ ውስጥ ኔትወርኩን በእጅ መምረጥ ይቻላል።

ሦስተኛው እዚያ ሲም መግዛት ነው። ጂዳ ኤርፖርት ላይ ይሸጣል፤ ፓስፖርትና የጣት አሻራ ይጠየቃል። ከሳምንት በላይ ለሚቆይ፣ ዳታ ለሚያበዛ ሰው በአብዛኛው ርካሹ ይህ ነው፤ መሀል ላይ ሁለተኛ ሻጭ የለምና። ጉዳቱ ወረፋውና ቋንቋው ነው። የጣት አሻራም ለእርሻና ለቤት ሥራ እጃቸው ላለቀ እናቶች ቶሎ አይነበብም። ሌላው፣ ሪያል መያዝ ያስፈልጋል።

ዋትስአፕ ላይ ችግር ይመጣል ብለው የሚፈሩ አሉ። አይመጣም። አዲሱ ሲም ሲገባ ዋትስአፕ ቁጥር ልቀይር ወይ ብሎ ከጠየቀ አይሆንም በሉት። የድሮው ቁጥር እንዳለ ይሠራል፣ ዳታው ብቻ ከአዲሱ ሲም ይመጣል። ኢሞም እንዲሁ።

አራተኛው ኢ-ሲም ነው። ፕላስቲክ የለውም፣ ስልኩ ውስጥ ኮድ በመቃኘት ይጫናል። አገር ቤት ሆናችሁ በዋይፋይ ጭናችሁት ጂዳ ስትደርሱ ታበሩታላችሁ። ወረፋ የለም፣ አሻራም የለም። ግን ሦስት በር አለው፤ ብዙ የወሎ ሰው አንዱ ላይ ይቆማል። አንደኛ፣ ስልኩ መቀበል አለበት። ለማወቅ ይህን ደውሉ፦

```
*#06#
```

ከሚመጡት ቁጥሮች መካከል `EID` የሚል ካለ ይቀበላል። ከሌለ አይቀበልም። እኛ ጋ በብዛት የሚያዙት ዋጋቸው መካከለኛ የሆኑ ስልኮች አብዛኞቹ የላቸውም። ሁለተኛ፣ ስልኩ ያልተቆለፈ መሆን አለበት። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አይፎን አንዳንዴ ለአንድ ኩባንያ የታሰረ ነው፣ የሌላ ሲም አይቀበልም። ይህ ለሦስተኛው አማራጭም ይሠራል። ሦስተኛ፣ ክፍያው በዶላር፣ በኢንተርኔት ነው። ብዙዎቻችን ያለን የብር ካርድ ለዚህ አይሆንም። ከባንክ የውጭ ምንዛሬ ካርድ ማውጣት ወይም ውጭ ያለ ዘመድ እንዲገዛ ማድረግ ይቻላል፤ የሚልከው የኮድ ምስል ብቻ ነው። ኢ-ሲሞቹ በአብዛኛው ዳታ ብቻ እንጂ የስልክ ቁጥር የላቸውም። ታክሲ ወይም ሆቴል መደወል የሚያበዛ ሰው ይህ ይጎድለዋል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ከሳምንት በታች ከሆነና ሰውዬው ከስልክ ጋር ብዙም ካልተዋወቀ፣ ገቢ ጥሪ ያካተተ ጥቅል ይግዛ፤ ትንሽ ቢወደድም ጭንቀት የለውም። ከሳምንት በላይ ከሆነ እዚያ ሲም ይግዛ። ስልኩ `EID` ካለውና የሚከፍልለት ሰው ካለ ኢ-ሲም ከሁሉም ይቀላል። በሁሉም ላይ ግን የአገር ቤቱ ሲም ከስልኩ አይውጣ።

ለምን አይውጣ?

ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ነው። አጭር መልዕክት መቀበል በአብዛኛው ነጻ ነው። የባንክና የቴሌብር ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በአጭር መልዕክት ነው። ሲሙን አውጥታችሁ ቦርሳ ውስጥ ካስቀመጣችሁት እዚያ ሆናችሁ ከሂሳባችሁ ብር ለመላክ ስትሞክሩ ቁጥሩ አይደርሳችሁም። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ካላችሁ አንዱ ቀዳዳ ለአገር ቤቱ፣ አንዱ ለእንግዳው ይሁን። ሮሚንጉ ግን ከመነሳታችሁ በፊት መከፈቱን አረጋግጡ። ካልተከፈተ ሲሙ እዚያ ኔትወርክ አይዝም፣ መልዕክቱም አይመጣም።

ከዚያ የአገር ቤቱ ሲም ዳታ እንዳይነካ ማድረግ ነው። ሳምሰንግ ላይ `Settings > Connections > Mobile networks > Data roaming` ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት። ሌሎች አንድሮይዶች ላይም ሲም ካርድ የሚለው ክፍል ውስጥ `Data roaming` የሚለውን ፈልጉ። ለእንግዳው ኢ-ሲም ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ቁልፍ መብራት አለበት፣ አለዚያ አይሠራም። ለየትኛው ሲም እንደሆነ እያያችሁ አድርጉት።

ሁለት ሲም ስልክ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዱ ሲም ኔትወርክ ሲደክምበት ስልኩ በራሱ ዳታውን ወደ ሌላው ያዞራል። አይፎን ላይ `Allow Cellular Data Switching` ይባላል። ይጥፋ። አንድሮይዶችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። የአገር ቤቱ ሲም ዳታ ሮሚንግ ከጠፋ ስልኩ ቢያዞረውም አይቆጠርም፤ ግን ሁለቱንም ማጥፋት ይሻላል።

አውሮፕላን ውስጥም ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። አንዳንድ አውሮፕላኖች የራሳቸው የሞባይል ኔትወርክ አላቸው፣ በሳተላይት የሚሠራ። ስልኩ ከያዘው ዋጋው ከተለመደው ሮሚንግ በላይ ሊሆን ይችላል፤ በአብዛኛው ጥቅልም አይሸፍነውም።

ሲሙ ላይ ትንሽ ብር ብቻ አስቀምጡ። ለአስቸኳይ የሚሆን፣ ቢያልቅ የማያስቆጭ። ካለቀ ደሴ ያለ ልጅ በቴሌብር ወዲያው ይሞላላችኋል፤ የሚሞላው አገር ቤት ባለው ሂሳብ ላይ ስለሆነ ርቀት አያግደውም። ድኅረ ክፍያ የሆነ ሰው ግን ይጠንቀቅ። የውጭው ኩባንያ የሂሳብ መዝገብ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ተመልሳችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላ የሚመጣ ሂሳብ አለ።

ዱባይ ለሚሄድ ነጋዴ

ዱባይ ሄዶ ዕቃ ለሚያመጣ ሰው ሂሳቡ ትንሽ ይለያል። እዚያ በተገዛ ሲም በዋትስአፕ መጻፍ፣ ፎቶና የድምፅ መልዕክት መላክ ይቻላል። በዋትስአፕ ወይም በኢሞ መደወል ግን አገሩ አይፈቅድም፣ አይሠራም። የሚፈቀደው እንደ ቦቲም ያለ ሌላ አፕ ነው። ስለዚህ ደሴ ያለችው ባለቤቱ ቦቲምን ከጉዞው በፊት ትጫን። ሱቅ ውስጥ ቆሞ «ይሄን ቀለም ልግዛ?» ብሎ ለማሳየት ያኔ መጫን ይጀምሩና ቀኑ ያልፋል።

የአገር ቤቱ ሲም የሮሚንግ ዳታ ግን በአብዛኛው መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ይመለሳል፣ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ከዚህ ነው። በዚህ ምክንያት ዱባይ ላይ በሮሚንግ ዳታ የዋትስአፕ ጥሪ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ዳታው ቀስ የሚለውም በዚሁ መንገድ ምክንያት ነው። ሦስት አራት ቀን ለሚቆይና በዋትስአፕ ለሚነግድ ሰው ጥቅል መግዛት ከዚያው አገር ሲም የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቪፒኤን ተጠቀም የሚል ጓደኛ ካለ አትስሙት። እዚያ የተከለከለ ነገር ለማለፍ ቪፒኤን መጠቀም በሕግ ያስጠይቃል።

አክስቴ ዘንድሮ

ዘንድሮ ረመዳን ከመግባቱ በፊት እንደገና ሄደች። ስልኳ ሁለት ሲም ይይዛል፣ `EID` ግን የለውም። ስለዚህ ሦስተኛውን መረጥንላት። ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብላ እኔ ዳይቨርቱን አጠፋሁ፣ ልጇ ዳታ ሮሚንጉን አጠፋች። ሮሚንጉን አስከፈትን። 500 ብር ብቻ ሞላን። የዘመዶቿንም ቁጥር አንድ በአንድ አይተን ዋትስአፕ ያለውን ለየንላት። ልጇ ለሁሉም የድምፅ መልዕክት ላከች፦ «እማን በዋትስአፕ ብቻ ደውሉላት፣ በመደበኛው ስትደውሉ የምትከፍለው እሷ ናት።» ከሐይቅ ያሉት ደነገጡ። «እኛ መቼ አወቅን?» አሉ።

ጂዳ ላይ አሻራዋ ሦስት ጊዜ ሞክራ አልተነበበም። አራተኛው ላይ ሻጩ በእርጥብ ሶፍት እጇን አስጠርጎ በሌላኛው ጣቷ ያዘላት። ወደ ሌሊት ላይ ከመካ በቪዲዮ ደወለች፣ ሐረሙን አሳየችን።

ተመልሳ ሂሳቧን ስናይ ከ500 ብሩ የጎደለው የአንድ ጥሪ ብቻ ነበር። ወረኢሉ ያሉት ታላቅ ወንድሟ ስማርት ስልክ የላቸውም። ቁጥራቸውን አይታ፣ እንደሚቆጠርባት እያወቀች፣ አንስታ አነጋግራቸዋለች።